«ይነቀልለትና ይረፍ»

ልጅ መንጋጋው ተቦርቡሮ ሲያለቅስ ጎረቤቱም ዘመዱም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «የወተት ጥርስ አይደል? ይነቀልለትና ይረፍ፤ ሌላ ይበቅልለታል።» መልካ ወረርም፣ አዋሽ ሰባትም፣ ሰመራም የሚባለው ይኸው ነው፤ አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ወላጅ ይህን ማለቱ ሳይሆን መንቀያውን የያዘው ባለሙያ ራሱ ሲደግመው ነው።

ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁላችንም የምናስታውሰው የፊት ጥርሳችንን ነው። በ6 ወይም በ7 ዓመታችን ይነቃነቅና ይወልቃል፤ ጣራ ላይ እንወረውረዋለን፤ ብዙም ሳይቆይ ምትኩ ብቅ ይላል። መንጋጋ ግን እንዲህ አይደለም። ከሁለቱ የወተት መንጋጋዎች የኋለኛው ጊዜው ደርሶ የሚወልቀው ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላው ነው። «ሌላ ይበቅላል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ መቼ እንደሚበቅል ግን አይናገርም።

አንዲት የ5 ዓመት ልጅ እናስብ። በታችኛው መንጋጋዋ በግራ በኩል ያለው የኋለኛው የወተት መንጋጋ ክፉኛ ተቦርቡሯል። ጣፋጭ ስትበላ ያማታል፤ ሕመሙ ግን ወዲያው ይተዋታል። ሌሊት ከእንቅልፏ አይቀሰቅሳትም፤ ድዷም አላበጠም። ጥርሱ ቢነቀል ዛሬውኑ ሕመሙ ያበቃል። ልጅቷ 6 ዓመት ሲሆናት ግን ከዚያው ጥርስ ጀርባ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ይወጣል። የሚወጣው ከፊቱ ያለውን ጥርስ ጀርባ ተደግፎ ነው። ያ ጥርስ ከሌለ ወደ ባዶው ቦታ እየገፋ ይመጣል። በ11 ዓመቷ ግድም ለቦታው የተፈጠረው ጥርስ ሲደርስ መውጫ ያጣል፤ ወይ ወደ ምላስ ጎን ተጣሞ ይወጣል፣ ወይ አጥንት ውስጥ ይቀራል። በ5 ዓመቷ በአንድ ቀን ያለቀው ነገር ያን ጊዜ ጥርስ የማስተካከል ረጅም ሕክምና ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልካ ወረር ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም።

ጥርሱን ሳይነቅሉ የሚያድኑበት ሌላ መንገድ አለ፤ ስሙም ፐልፖቶሚ ይባላል። ሰው ሁሉ «ነርቭ» የሚለው የጥርስ ሥጋ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ በጥርሱ አናት ውስጥ፣ ሌላው በሥሮቹ ውስጥ። የወተት ጥርስ ሽፋኑ ስስ፣ የውስጥ ሥጋው ሰፊ ስለሆነ ብስባሹ ቶሎ ይደርስበታል፤ መጀመሪያ የሚታመመው ግን የላይኛው ክፍል ነው። ሐኪሙ ያደነዝዛል፤ ብስባሹን ሁሉ ያወጣል፤ የጥርሱን ጣራ ከፍቶ የላይኛውን ሥጋ ብቻ እስከ ሥሮቹ አፍ ድረስ ይቆርጣል። ከዚያ በውሃ የረጠበ ጥጥ ያስቀምጥና ይጠብቃል።

የሕክምናው ፍርድ የሚሰጠው እዚህ ጥጥ ላይ ነው። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ በ5 ደቂቃ ግድም ከቆመ የሥሩ ሥጋ ጤነኛ ነው። ጠቆር ብሎ እየፈሰሰ አልቆም ካለ ሕመሙ ወደ ሥር ወርዷል። ጭራሽ ደም ከሌለ ሥጋው ሞቷል። በሁለቱ የኋለኞቹ ሁኔታዎች ፐልፖቶሚ አይሆንም። ደሙ ከቆመ ግን ኤምቲኤ የሚባለው ሲሚንቶ መሰል መድኃኒት የሥሮቹን አፍ ይሸፍናል፤ ሥራው በደንብ ከተሠራ አብዛኞቹ ጥርሶች ለዓመታት ይቆያሉ። ሥሩ ሕያው ስለሆነ ቋሚው ጥርስ ከሥር ሲመጣ በተፈጥሮው እየተሟሟ ቦታውን ይለቅለታል።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው በመጨረሻው እርምጃ ነው። የተቦረቦረ መንጋጋ በተራ ሙሌት ቢዘጋ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ምራቅ ይገባል፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ተዘጋጅቶ የሚመጣ የብረት ሽፋን ጥርሱን ሙሉ በሙሉ መልበስ አለበት። ወላጆች ብረቱን አይተው «ልጄ አፍ ውስጥ ብረት?» ይላሉ፤ ጥርሱ ሲወልቅ ብረቱም አብሮት እንደሚወጣ ሊነገራቸው ይገባል።

መንቀል ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ልጁን ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ ድዱ ላይ መግል የቋጠረ ብጉር ከታየ፣ ጥርሱ ያለ ዕድሜው ከተነቃነቀ፣ ራጁ በሥሮቹ መካከል አጥንት መበላቱን ካሳየ ፐልፖቶሚ ጊዜው አልፎበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ መንቀሉ ይሻላል። ያን ጊዜም ቢሆን ሥራው መንቀል ላይ አያበቃም። ከጎን ባለው ጥርስ ላይ ታስሮ ክፍተቱን የሚጠብቅ የሽቦ ቀለበት አለ። ሲነቀል ያየሁት ብዙ ነው፤ ይህ ሽቦ ሲታሰር ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

«እዚህ ራጅ የለም፣ ሽፋኑም የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ በብዙ ቦታ እውነት ነው። ግን ይህን ለወላጅ በግልጽ መናገርና «ማዳን አይቻልም» ማለት አንድ አይደሉም። እናትየው ጥርሱ ሊድን እንደሚችል፣ ይህ የሚሠራበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ከተነቀለ ደግሞ ባዶው ቦታ ምን እንደሚሆን ሰምታ ብትወስን፣ ውሳኔዋ መንቀልም ቢሆን የእሷ ነው። አሁን ግን ልጇን ይዛ የምትወጣው ሌላ ምርጫ እንደነበራት እንኳን ሳታውቅ ነው።