ባዶ ቦታና ዜሮ በዋጋ መዝገብ ላይ

መጋዘን ተከፍቶ ዕቃው ሲቈጠር አንድም ጆንያ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ በመዝገቡ ላይ ዜሮ መጻፍ ተገቢ ነው። መጋዘኑ ሳይከፈት የዋለበት ቀን ግን ቦታው ባዶ ይቀራል እንጂ ዜሮ አይጻፍበትም። ዜሮ «ታይቶ ምንም አልተገኘም» የሚል ምስክርነት ሲሆን፥ ባዶ ቦታ «አልታየም» ማለት ነው። ይህ ልዩነት በዕቃ መዝገብ ላይ ሲጠበቅ፥ በውጭ ምንዛሪ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

እኔም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ፥ ስሕተቱን በገዛ እጄ ፈጽሜዋለሁ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የዩሮን የማመሳከሪያ ምንዛሪ በሥራ ቀን፥ በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት ገደማ ያወጣል። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በራሱ በዓላት አያወጣም። ከእነዚህም በዓላት መካከል የምዕራባውያን ስቅለትና የፋሲካቸው ማግስት ሰኞ ይገኙባቸዋል። በ2016 ዓ.ም. የእነርሱ ስቅለት መጋቢት 20 ቀን ሲውል የእኛ ሚያዝያ 25 ቀን ስለ ዋለ፥ እኛ በሥራ ላይ ሳለን ባንኩ ከመጋቢት 20 እስከ 23 ቀን ለ4 ቀናት ምንም አላወጣም። በመዝገቤ ላይ ግን በእነዚያ ቀናት ዜሮ ተጽፎ ተገኘ። አሠሪዬም ወረቀቱን ተመልክተው፥ «ምነው፥ ዩሮ በአራት ቀን ውስጥ ሞቶ ተነሣ እንዴ?» አሉኝ።

ጉዳቱ በስሌት ሲታይ ከቀልድ ያልፋል። ከመጋቢት 16 እስከ 29 ቀን ያሉት ቀናት 14 ሲሆኑ፥ ምንዛሪ የወጣባቸው 8 ብቻ ናቸው። ለስሌት እንዲቀል በስምንቱም ቀን 1 ዩሮ በ1.08 ዶላር ተመነዘረ እንበል። ድምሩ 8.64 ለ8 ሲካፈል አማካዩ 1.08 ይሆናል። ስድስቱ ዜሮዎች ተቈጥረው ለ14 ከተካፈለ ግን 0.617 ይወጣል። በዚህ አማካይ የ10,000 ዩሮ ዕቃ ዋጋ 10,800 ዶላር መሆኑ ቀርቶ 6,171 ዶላር ሆኖ ይታያል። በዚህ ተመርኵዞ የመሸጫ ዋጋ የሚቈርጥ ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

የስሕተቱ ምንጭ ብዙውን ጊዜ የኮምፒዩተር የሒሳብ ሰሌዳ ነው። በኤክሴል ላይ አንዱ ሣጥን ባዶ የሆነውን ሌላ ሣጥን እንዲገለብጥ ሲታዘዝ፥ ባዶውን ዜሮ አድርጎ ያመጣዋል። ይህን ለማስቀረት እንዲህ ይጻፋል፦

```
=IF(B7="","",B7)
```

በዚህ ጊዜ አማካይ የሚያወጣው ትእዛዝ ሣጥኑን ይዘለዋል። የዋጋ መስመር ሥዕል ግን ከተገለበጠው ሳይሆን ከመጀመሪያው ዓምድ ይሣል፤ በቀመር የመጣውን ባዶ ሥዕሉ እንደ ዜሮ ስለሚያየው መስመሩ ወደ ታች ይወድቃልና።

አንዳንዶች «ዋጋ ዜሮ ሊሆን ስለማይችል ማንም አይሳሳትም» ይላሉ። ነገር ግን ሚያዝያ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ገበያ ለግንቦት ወር ርክክብ የተዋዋሉት የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ሆኖ ተዘግቷል። እንግዲህ ዜሮ እውነተኛ ዋጋ ሊሆን ከቻለ የዝምታ ምልክት ሊሆን አይገባውም።

ሌሎች ደግሞ የዐርቡን ቦታ በሐሙስ ዋጋ ይሞሉታል። ውሉ «ምንዛሪ ባልወጣ ቀን የመጨረሻው የወጣው ይጸናል» የሚል ከሆነ ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በሌላ ዓምድ ይጻፍ። በምንጩ ዓምድ ላይ የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ምንጩ ያልተናገረውን ተናገረ ብሎ መመስከር ይሆናል።

በበኩሌ ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ ይህ ነው። የምንጩን የበዓላት ዝርዝር በዓመቱ መጀመሪያ በመዝገቡ ፊት ገጽ ላይ እለጥፋለሁ፤ የእኛን በዓላት ሳይሆን የምንጩን ማለቴ ነው። ምንጩ ዝግ በሆነበት ቀን ጭረት አድርጌ ከጐኑ «ዝግ» እጽፋለሁ። በሥራ ቀን ቁጥር የጠፋ እንደ ሆነ ግን «ይጠየቅ» እላለሁ፤ ይህ የበዓል ዝምታ ሳይሆን የእኔ ወይም የመሣሪያው ጉድለት ሊሆን ይችላልና። የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ሲደርሰኝም አስቀድሜ ቅዳሜንና እሑድን እመለከታለሁ። በየሳምንቱ በእነዚያ ሁለት ቀናት ዜሮ ካገኘሁ፥ ከታች የተጻፈውን አማካይ ራሴ እንደ ገና ሳላሰላ ለአሠሪዬ አላቀርብም።