ማሳሰቢያ፦ «ዛሬ በ9:00 ቀጠሮ አለዎት» የሚል መልእክት ለሚደርሳችሁ

ይህ ማሳሰቢያ በቆቦ ከተማና በራያ ቆላ ቀበሌዎች ለምትኖሩ፣ ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት ወይም ፓስፖርት ቢሮ ቀጠሮ ላላችሁ ሁሉ ነው። መልእክቱን ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ የምትልኩ ሠራተኞችንም ይመለከታል፤ እንዲያውም ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አክስቴ ከዞብል ግርጌ ካለ መንደር ነው የምትኖረው። ዓይኗን ለመታየት ወልድያ ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። በቀጠሮዋ ዕለት ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ሰባተኛ ክፍል ያለው የልጅ ልጇ «ዛሬ በ9:00 ቀጠሮ አለዎት» ብሎ አነበበላት። እሷም ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ተረዳች። ቡናዋን አፍልታ፣ ከብቶቹን አስወጥታ፣ እስከ ቆቦ በእግርና በባጃጅ፣ ከቆቦ ወልድያ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጓዘች። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደረሰች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መዝገቡን አገላብጦ «እማማ፣ ስምዎት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጠርቶ አልፏል» አላት። እሷም «ልጄ፣ እኔ እኮ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አለችው። ሁለቱም አልዋሹም። ሌላ ቀጠሮ የተሰጣት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

መልእክቱን የላከው ኮምፒውተር ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ነው። በመካከሉ ልክ 6 ሰዓት አለ። ኮምፒውተሩ 9:00 ሲል በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። 3:00 ሲል ደግሞ የከሰዓቱን ማለቱ ከሆነ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ችግሩ መልእክቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ራሱ አለመናገሩ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ ብቻ ሰዓቱም የእኛ ነው ብላችሁ አትመኑ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ቁጥሩን ግን ማሽኑ ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ነው የሚሰካው።

የተሳሳተ ንባብ በሁለቱም በኩል እኩል አይጎዳም። የከሰዓት ቀጠሮ ያለው ሰው 3:00ን በእኛ አቆጣጠር ቢያነበው ጠዋት ሦስት ሰዓት ደርሶ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ ይደክማል እንጂ ቀጠሮው አያመልጠውም። የጠዋት ቀጠሮ ያለው ሰው ግን 8:00፣ 9:00 ወይም 10:00 የሚለውን በእኛ ሲያነበው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ጠዋት ከሚያዩ ክፍሎች ቀጠሮ የተያዘለት ሁሉ የሚወድቀው በዚህ በኩል ነው።

«ቢሮው በዚያ ሰዓት ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ማሰላሰልም አያድንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተለምዶ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይሠራል። ሦስት ሰዓትም ዘጠኝ ሰዓትም ክፍት ነው። አራትም አሥርም እንዲሁ።

የሚያድነው የቀጠሮ ካርዱ ነው። ካርዱን የጻፈው በእስክሪብቶ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው። ካርዱን አውጡና ከስልኩ ጋር አስተያዩት። በካርዱ 3፡00፣ በስልኩ 9:00 ከሆነ ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ነው፤ ያው አንድ ቀጠሮ ነው፣ የካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ልዩነቱ ከስድስት ሰዓት ሌላ ከሆነ፣ ለምሳሌ በካርዱ 3፡00፣ በስልኩ 10:00 ቢል፣ ሰዓቱ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ሳትደውሉ አትነሱ። ካርዱ ከጠፋ፣ የሚደወልበትም ቁጥር ከሌለ፣ የስልኩ ቁጥር ከሚነበብባቸው ሁለት ሰዓቶች ቀዳሚውን ይዛችሁ ሂዱ። በከንቱ መጠበቅ ከባዶ ተመላሽነት ይሻላል።

«ዛሬ» የምትለዋም ቃል ታታልላለች። አጭር መልእክት እንደ ስልክ ጥሪ አይደለም። ስልኩ ከተዘጋ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ከሆነ መልእክቱ በቴሌው ማዕከል ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ስልኩ ሲከፈት ይደርሳል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ ለማስሞላት ገበያ ቀን የሚጠብቅ ሰው አለ። የሰኞው «ዛሬ» ረቡዕ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ በመልእክቱ ውስጥ ዕለቱና ቀኑ ካልተጻፈ መጀመሪያ መልእክቱ መቼ እንደተላከ ተመልከቱ። አንዳንድ ስልክ በዝርዝሩ ላይ የሚያሳየው የተቀበለበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ የተላከበትን ለማየት መልእክቱን ጫን ብሎ ይዞ ዝርዝሩን መክፈት ያስፈልጋል። አሁንም የመጨረሻው ዳኛ ካርዱ ነው።

አሁን ወደ ሊንኩ። ከመልእክቱ ሥር የሚጫን ሰማያዊ ጽሑፍ ካለ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛው ላይከፈት እንደሚችል ነው። አጭር መልእክት ያለ ኢንተርኔት ይደርሳል፤ ሊንክ ያለ ዳታ አይከፈትም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ማንም አልረሳውም። በዚያ ጊዜ የቀጠሮው ቦታ በሊንኩ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ ከነመድረሱ ባዶ ነበር። ሊንክ የግድ የሚያስፈልገው በቪዲዮ ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነው፤ ለእሱም ቢሆን ከዋዜማው ከፍታችሁ ሞክሩት እንጂ ሰዓቱ ሲደርስ አትጀምሩት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ሌቦች ይህን መልክ ወደውታል። ከራያ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የሚጠባበቅ ወጣት ብዙ ነው፤ «ቀጠሮዎ ዛሬ ነው፣ ካላረጋገጡ ይሰረዛል» የሚል ቃል ሲያይ ሳያስብ ይጫናል። ቀጠሮ የሌለውን ሰው ደግሞ «ይህን ቀጠሮ ካልያዙ ለመሰረዝ እዚህ ይጫኑ» ብለው ያስጨንቁታል። እኔ የኋለኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ፤ ጥንቁቅ ሰው ነው የሚጠመድበት። ከዚያ ገጹ ስምና ስልክ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ወደ ስልካችሁ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል፤ እሱን አስገቡ ይላል። ያ ቁጥር ቀጠሮ አይሰርዝም። ሌባው በዚያች ደቂቃ በሌላ ስልክ የእናንተን የቴሌብር ወይም የቴሌግራም አካውንት ሊከፍት እየሞከረ ነው፤ የሚፈልገውም ያን ቁጥር ነው።

መለያው ቀላል ነው። ቀጠሮ ለመሰረዝ የሚስጥር ቁጥር፣ የማረጋገጫ ቁጥርም ሆነ ገንዘብ የሚጠይቅ እውነተኛ ቢሮ የለም። የድረ ገጹን አድራሻም ማንበብ ትችላላችሁ፤ የሚታየው ከ`https://` ቀጥሎ ከምትመጣው የመጀመሪያዋ `/` በፊት ያለው መጨረሻ ነው። የመንግሥት ከሆነ እዚያ ላይ `.gov.et` ብሎ ማለቅ አለበት። `gov.et.example.com/` የሚለው ውስጥ `gov.et` አለ፤ የሚያልቀው ግን በሌላ ነው፣ የመንግሥት አይደለም። ይህ ከከበዳችሁ አትጫኑት፤ ቀጠሮውን ወደያዛችሁበት ቢሮ በካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ። በመልእክቱ ውስጥ ያለው ስልክ የሌባው ሊሆን ይችላል።

መሰረዝን በሚመለከት ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። ላኪው በቁጥር ፈንታ በስም ከመጣ፣ ማለትም ከላይ የተቋሙ ስም ብቻ ከታየ፣ ለዚያ መልእክት መልስ መጻፍ አይቻልም። «አልመጣም» ብላችሁ ብትልኩ የሚቀበል የለም። አንዳንድ ስልክ «አልተላከም» ይላል፤ ሌላው ዝም ይላል፣ እናንተ የሰረዛችሁ ይመስላችኋል፣ እነሱ ጋ ግን ቀርታችኋል ተብሎ ይመዘገባል። መልስ የሚደርሰው ላኪው ሙሉ ስልክ ቁጥር ወይም መልስ የሚቀበል አጭር ቁጥር ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ደውሉ። ስትደውሉም «ሰርዙልኝ» አትበሉ፤ «ለሌላ ቀን አዛውሩልኝ» በሉና አዲሱን ቀን እዚያው ካርዱ ላይ ጻፉ። የተሰረዘ ቀጠሮ ሰልፉን እንደገና ከኋላ ያስጀምራል፤ በሪፈር የመጣችሁ ከሆነ ወረቀቱንም እንደገና ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። መንገድ ላይ ሆናችሁ የምትዘገዩ ከሆነም ያንኑ ተናገሩ። በክረምት ደራሽ ጎርፍ ከደጋው ሲወርድ ጎሊናና ሆርማት መንገደኛን የሚያቆሙበት ቀን እንዳለ ለራያ ሰው አይነገርም፤ ወልድያ ያለው መዝጋቢ ግን ካልነገራችሁት አያውቅም።

ለላኪዎቹ። የጠዋት መልእክት ቆቦ ከተማ ላለ ሰው ይበቃዋል። ከዞብል ግርጌ ለሚነሳ ሰው ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የደረሰ መልእክት ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ አይሆንም፤ ለእሱ ማስታወሻው ከዋዜማው ማታ መድረስ አለበት፣ የጠዋቱ ለማረጋገጫ ይሁን። የሕመሙን ስም ወይም የክሊኒኩን ዓይነት አትጻፉ። መልእክቱን የሚያነበው የጎረቤት ልጅ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል።

ርዝመቱንም አስቡ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በፊደላችን ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ ስልኩ ሁለት አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ለላኪው የሁለት መልእክት ዋጋ ይታሰብበታል፤ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ደግሞ አንዱ ቁራጭ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይ ይችላል። ብዙ ቢሮ ሰዓቱን «9:00» ብሎ የሚያሳጥረው ይህን ፈርቶ ይመስለኛል። ግን ይበቃል። እነሆ፦

«ዛሬ ረቡዕ ጥር 12 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት። ቆቦ ሆስፒታል ክፍል 7። ካልመጡ 09-------- ይደውሉ»

ዕለቱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ ከነጠዋቱ፣ ቦታው፣ መሰረዣው ሁሉ አለ፤ ክፍተቱ ተቆጥሮ ልክ 70 ነው። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የጎደለው በስሕተት አይደለም፤ ቢጨመር 71 ይሆናል።