ለንደን ላይ የመጠጥ ፈቃድ ላላችሁ እኩዮቼ

እኩዮቼ፣ በዚህ ከተማ ምግብ ቤት ከፍታችሁ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ልጆች ያሳደጋችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፦ የምጽፍላችሁ ፈርቼ ነው። የመጠጥ ፈቃዳቸውን ያጡ ወገኖች አውቃለሁ። ከእነርሱ አንዱም የፈቃዱን ሙሉ ጽሑፍ አንብቦ አያውቅም ነበር። ፈቃዱ ሲሄድ ቢራውና ወይኑ ብቻ አይሄድም። የኪራይ ውሉ ዋጋ ያጣል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ዕድሜ ልክ የለፋንበት ቤት ለሌላ ሰው በርካሽ ያልፋል።

በእንግሊዝና በዌልስ ሁላችንም የምንተዳደረው በ2003ቱ የላይሰንሲንግ ሕግ ነው። ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ወረቀት የፈቃዱ ማጠቃለያ ብቻ ነው። ዋናው ወይም የተረጋገጠ ቅጂው ቤቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ ብዙዎቻችን የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። ዛሬ ማታ አውጡትና ከሰዓቱና ከስሙ ዝርዝር ወደ ኋላ እለፉ። መጀመሪያ አኔክስ 1 ይመጣል፤ ሕጉ በመላ አገሩ ላይ የጣለው ግዴታ ነው። አልኮል የግል ፈቃድ ባለው ሰው እውቅና መሸጥ አለበት፣ ዕድሜ የሚጠየቅበት የታወቀ አሠራር መኖር አለበት፣ ለጠየቀ ሁሉ የቧንቧ ውሃ በነፃ ይሰጣል። እነዚህ ብዙ ሰው አይጥሉም። የሚጥለው አኔክስ 2 ነው።

አኔክስ 2 ላይ የሰፈረው የራሳችን ቃል ነው። ፈቃዱ ሲጠየቅ «ቤቱን በዚህ በዚህ መንገድ አስተዳድራለሁ» የሚል ዕቅድ ይቀርባል። ተቃውሞ ካልመጣ ካውንስሉ ፈቃዱን የመስጠት ግዴታ አለበት፤ በዕቅዱ የተጻፈውን ግን ወደ ግዴታ ቀይሮ ፈቃዱ ላይ ያሰፍረዋል። ያንን ዕቅድ የጻፈው ብዙ ጊዜ ከፍለን ያሠራነው አማካሪ ነው። ፖሊስ እንዳይቃወም ብሎ ካሜራውንም፣ በረኛውንም፣ መዝገቡንም ይደረድራል። እኛ ፈርመን እንረሳዋለን። አገራችን ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይል የለ? እዚህ ቃሉን ማጠፍ በሕጉ አንቀጽ 136 ወንጀል ነው። ቅጣቱ ገደብ የሌለው የገንዘብ መቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር እስራት ሊደርስ ይችላል።

አንድ የማውቀውን ቤት ልንገራችሁ። ወንድማችን ቤቱን የገዛው ባር ይሠራበት ከነበረ ሰው ነው። ፈቃዱን በ23 ፓውንድ ወደ ስሙ አዛወረ፤ የባሩ ግዴታዎች ሁሉ አብረው ተከተሉት። ካሜራው የ31 ቀን ምስል እንዲያስቀምጥ፣ ቤቱ ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ምስሉን አውጥቶ ለፖሊስ መስጠት የሚችል ሠራተኛ እንዲኖር፣ ዓርብና ቅዳሜ ከምሽቱ 9 ሰዓት ጀምሮ (ሰዓቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሁለት የኤስ አይ ኤ ፈቃድ ያላቸው በረኞች እንዲቆሙ፣ መጠጥ የተከለከሉ ሰዎች በመዝገብ እንዲያዙ ተጽፎ ነበር። እርሱ ግን ክትፎና ጥብስ የሚያቀርብ፣ ቤተሰብ የሚያስተናግድ ሰው ነው። በረኛ ምን ያደርግልኛል አለ።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት ከደጁ ሁለት ጎረምሶች ተጣሉ። ከእርሱ ቤት የወጡ መሆናቸውም በእርግጥ አልታወቀም። ፖሊስ መጥቶ ምስል ሲጠይቅ የመሣሪያውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሲከፈት መሣሪያው የሚይዘው የጥቂት ቀን ምስል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በረኛ የለ፣ መዝገብ የለ። ጠቡ ተረሳ፤ የፈረሱት ግዴታዎች ግን አንድ በአንድ ተቆጥረው ወደ ካውንስሉ ሄዱ። ፖሊስ ፈቃዱ እንደገና እንዲመረመር፣ እነርሱ ሪቪው የሚሉትን፣ ጠየቀ። በችሎቱ መጨረሻ ፈቃዱ ለሁለት ወር ታገደ፣ ሰዓቱ ተቆረጠ፣ በፈቃዱ ላይ ስሙ የሰፈረው የመጠጥ ሽያጭ ኃላፊም ተነሣ። ሕጉ ለካውንስሉ የሚሰጠው አማራጭ ይኸው ነው፦ ግዴታዎቹን መለወጥ፣ ከተፈቀዱት ሥራዎች አንዱን መከልከል፣ ኃላፊውን ማንሣት፣ እስከ ሦስት ወር ማገድ፣ ወይም ፈቃዱን ጨርሶ መሰረዝ።

ይህ ሰው ቤቱን በገዛ ሰሞን «ይህ ባር መሆኑ ቀርቷል፣ በረኛ አያስፈልገኝም» ብሎ ለለውጥ ማመልከት ይችል ነበር። ከፖሊስ የላይሰንሲንግ ክፍል ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ቢሆን ምናልባት ይፈቀድለትም ነበር። ሕጉ ጨካኝ አይደለም፤ ግዴታው እስካልተለወጠ ድረስ ግን ሳይጎድል እንዲፈጸም ይፈልጋል።

ደግሞ እያንዳንዱ የቀረበላችሁ ግዴታ ሕጋዊ ነው ብላችሁ አትቀበሉ። ሕጉ አራት ዓላማዎች አሉት፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤትን ከረብሻ መጠበቅ፣ ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ካውንስል ከእኛ ዕቅድ ያልመጣ ግዴታ መጨመር የሚችለው ተቃውሞ ቀርቦ፣ ግዴታው ከእነዚህ ላንዱ ተገቢ ሆኖ ሲገኝ ነው። በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳንኤል ትዌይትስ ጉዳይ የዊረል ዳኞች የአንድ መጠጥ ቤት ሰዓት የቆረጡበትን ውሳኔ ሽሮታል፤ ፖሊስ ሳይቃወም፣ በቂ ማስረጃም ሳይኖር፣ ችግር ይመጣል በሚል ግምት የተወሰነ ነበርና። ስለዚህ ፖሊስ ከችሎት በፊት የግዴታዎች ዝርዝር በኢሜይል ልኮ «ትስማማለህ?» ሲላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። በዝናባማ ማክሰኞ ማታ አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ባለችበት ቤት ይህን መፈጸም እችላለሁ ወይ ብላችሁ እያንዳንዱን መዝኑ። የማይቻለውን በጽሑፍ ተከራከሩ። እሺ ካላችሁ በኋላ ክርክሩ ይከብዳል።

የበዓል ሌሊትም ያሳስበኛል። ከሌሊቱ 11 በኋላ ትኩስ ምግብና ትኩስ መጠጥ ለሕዝብ ማቅረብ፣ ቡናችንም ጭምር፣ ፈቃድ ይጠይቃል። በአልኮል ፈቃድ ባለበት ቤት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ከ500 ለማይበልጥ ታዳሚ ማሲንቆም ሆነ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ከ11 በኋላ ግን ያስፈልገዋል። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እስከ 3 ሰዓት ልንቆይ ከፈለግን ቴምፖራሪ ኢቨንት ኖቲስ የሚባለውን ማስታወቂያ ማስገባት አለብን። ክፍያው 21 ፓውንድ ነው፤ ቤቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ499 ሰው በላይ መኖር የለበትም። ሰዎች የሚወድቁት በቀን አቆጣጠሩ ነው። አሥር ሙሉ የሥራ ቀን ይፈለጋል፤ የገባበት ቀንና የዝግጅቱ ቀን አይቆጠሩም። የ2026ን እንቁጣጣሽ ውሰዱ። ዋዜማው ሐሙስ ሴፕቴምበር 10 ነው። ከረቡዕ ሴፕቴምበር 9 ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ቅዳሜና እሑድን ዝለሉ፤ ኦገስት 31 የባንክ በዓል ስለሆነ እርሱም ይዘለላል። አሥረኛው ቀን ኦገስት 26 ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማስታወቂያው ቢዘገይ ማክሰኞ ኦገስት 25 መግባት አለበት። ከዚያ ካለፈ የዘገየ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ፖሊስ ወይም የአካባቢ ጤና ክፍሉ ከተቃወመ ያለ ምንም ችሎት ይቀራል። ያን ሌሊት ቤቱን ከፍቶ መጠጥ የሚሸጥ ሰው ያለ ፈቃድ እየሸጠ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈራኝ የሠራተኛ ጉዳይ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወረቀት የሌለው የአገር ልጅ መጥቶ ደጃችን ይቆማል፤ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው፤ እናቱን እናውቃታለን። «ለጥቂት ቀን ሳህን ይጠብ» እንላለን። በሊንከንሻየር የሆነውን ስሙ። በ2014 አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የመሥራት መብት የሌለው ሰው ተገኘ፤ በጥሬ ገንዘብ፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ይከፈለው ነበር። የኢስት ሊንድዚ ካውንስል ፈቃዱን ሰረዘ። ባለቤቱ ይግባኝ ብሎ የወረዳው ዳኛ ፈረደለት፤ ባለቤቱ በወንጀል አልተከሰሰምና። በ2016 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያንን ገልብጦ የካውንስሉን ውሳኔ አጸና። ክስ ወይም የወንጀል ፍርድ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፈቃድ ሰጪው የሚያየው ወደፊት የሚሆነውን ነው፣ ሌላውንም ማስፈራት ዓላማው ነው አለ። የመንግሥቱ መመሪያም እንዲህ ያለ ጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን እንኳ ፈቃድ መሰረዝ በጥብቅ ሊታሰብበት ይገባል ይላል። በዚያ ላይ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ የሆም ኦፊስ ቅጣት ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሰው እስከ 45,000 ፓውንድ ይደርሳል። ለዚያ ልጅ የሚያዝን ሰው ራት ያብላው፣ ጠበቃ ጋር ይውሰደው። ወጥ ቤት ካስገባው ግን እርሱንም ቤቱንም አጠፋ። የምንቀጥረውን ሰው ሁሉ የመሥራት መብት፣ የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ዜጋ ከሆነ በፓስፖርቱ፣ ካልሆነ በሼር ኮድ ከሆም ኦፊስ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጠን፣ ቀኑን የያዘውን ማስረጃ እናስቀምጥ። ተማሪ ከሆነ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተፈቀደለትም እንይ።

ፈቃድ ማንም ሳይከስሰን ደግሞ ይሞታል። ፈቃዱ በካምፓኒ ስም ከሆነ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ለካምፓኒስ ሃውስ የሚቀርበውን ወረቀት ዘንግቶ ካምፓኒው ከመዝገብ ከተፋቀና ሕልውናው ካከተመ ፈቃዱም ያን ቀን ይጠፋል። ለማዳን 28 ቀን ብቻ አለ። ባለቤቱ ሲሞትም ሕጉ ይኸው ነው፤ በኀዘን ላይ ያለች ሚስት ይህን እንዴት ታውቃለች? በሕይወት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ። ዓመታዊ ክፍያው ካልተከፈለ ደግሞ ፈቃዱ ይታገዳል፤ እስኪከፈል መሸጥ አይቻልም።

ሪቪው ከመጣባችሁ ደጃችሁ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ 28 ቀን የአስተያየት ጊዜ ይኖራል። እነዚያን ቀናት በሐሜትና «ማን ጠቆመብኝ» በማለት አታባክኑ። ካሜራውን አሠሩ፣ መዝገቡን ጀምሩ፣ ሠራተኛውን አሠልጥኑ፣ የተደረገውን ሁሉ ከነቀኑ ይዛችሁ ችሎት ቅረቡ፤ ልጃችሁን ሳይሆን ሕጉን የሚያውቅ ጠበቃ አስከትሉ። ውሳኔው ከከፋ፣ በጽሑፍ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ለማጂስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል። የይግባኙ ጊዜ እስኪያልፍ ወይም ይግባኙ እስኪወሰን ድረስ የተለመደው ሪቪው ውሳኔ አይጸናም፤ ቤቱ በነበረው ፈቃድ ይሠራል። ፖሊስ ከባድ ወንጀል ብሎ ያመጣው አስቸኳይ ሪቪው ግን የተለየ ነው። እዚያ ካውንስሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ተሰብስቦ ፈቃዱን በዕለቱ ሊያግድ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሲመጣ የጠበቃው ስልክ አስቀድሞ እጃችሁ ላይ ይኑር።