«እናያለን» ማለት ለአከራይ መልስ አይደለም

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጄ በሜይ መጨረሻ ከአከራዩ ደብዳቤ ደረሰው። ውሉ ኦገስት 31 ያልቃል፤ ማደስ ከፈለገ ኪራዩ ከ2,300 ወደ 2,650 ዶላር ከፍ ይላል። በዓመት 4,200 ዶላር ጭማሪ ነው። አከራዩ ያገራችን ሰው፣ በዕድሜም የሚበልጡት ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

ምክር ሰጪው በዛ። ግማሹ «ፈርም፣ ከሳቸው ጋር ተቀያይመህ ነገ ማን ይመሰክርልሃል?» አለው። ሌላው ደግሞ «ሕግ አለ፣ ክሰሳቸው» አለው። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ።

በሕጉ ልጀምር። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ያጸደቀው ሕግ ዓመታዊ ጭማሪውን ቢበዛ በ6 በመቶ ይገድባል። የወዳጄ ጭማሪ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ነገር ግን ሕጉ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሏቸውን ግለሰቦች አይነካም፤ ጋሼ ያላቸው አንድ ታውንሃውስ ብቻ ነው። ጭማሪውን ከ90 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረባቸው፣ አሳውቀዋል። ስለዚህ ቅር ቢለንም ሰውየው ጥፋት የለባቸውም። ጥፋት ያልሠራን ሰው በክስ ማስፈራራት ምስክርነቱን በገዛ እጅ መቅደድ ነው።

«ፈርም» ባዮቹ ደግሞ የአከራይ ምስክርነት ምን እንደሆነ አልገባቸውም። አዲሱ አከራይ ደውሎ የሚጠይቀው «ልጁ ይወድዎታል ወይ?» ብሎ አይደለም። ኪራይ በሰዓቱ ከፍሏል? ቤቱን በደንብ ይዟል? ሲወጣ በውሉ መሠረት አስታውቋል? ይኸው ነው። ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልሱን የሚያበላሸው ጭማሪውን እምቢ ማለት ሳይሆን የእምቢታው አኳኋን ነው።

እኛ ጋ ትልቁ በሽታ ይሉኝታ ነው። ወዳጄ ሦስት ሳምንት ሙሉ «እናያለን ጋሼ፣ እግዜር ያውቃል» እያለ ሸኛቸው። እሳቸው ይህን «እሺ» ብለው ተረጎሙት፤ ሌላ ተከራይ መፈለግም ተዉ። ውሉ የ60 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቅ ስለነበር የመጨረሻው ቀን ጁላይ 2 ነበር። ያንን ቀን አሳልፎ ኦገስት ላይ «ልወጣ ነው» ቢል ኖሮ አንድ ወር ቤቱ ባዶ ይቀርባቸው ነበር። ያኔ ቂም ቢይዙ ማን ይፈርድባቸዋል?

በጁን አጋማሽ ቁጭ ብለን ደብዳቤ ጻፍን። የመጀመሪያ ረቂቁ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ በፌብሩዋሪ የተበላሸው ማሞቂያ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ «ያገሬ ሰው ነዎት ብዬ» የሚለው ሁሉ ገብቶበታል። ሰረዝኩት። የቀረው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የጁን ደብዳቤዬ ይህ ነው፤ በአዲሱ ዋጋ ውሉን ማደስ ስለማልችል ኦገስት 31 ቤቱን አስረክባለሁ። እስከዚያ ኪራዩን እንደተለመደው እከፍላለሁ። ቤቱን ለሌላ ሰው ለማሳየት ሲፈልጉ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩኝ። ለሁለቱ ዓመት አመሰግናለሁ።» ይኸው በእንግሊዝኛም ተጽፎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቅጂው ተቀመጠ። «ዋጋውን ከቀነሱልኝ እቆያለሁ» የሚል ነገር የለበትም። ለመደራደር ከተፈለገ ቀድሞ አንድ ጊዜ በቃል ይጠየቃል፤ ደብዳቤው ውስጥ ከገባ ግን ማስታወቂያው መውጣት ይሁን መቆየት አይታወቅም።

ከሳምንት በኋላ ምስክርነቱን ጠየቀ። ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ ካስረከበ በኋላ ይጠይቃል፤ ያኔ የማስያዣ ገንዘብ ክርክር ተጀምሯል። ደግሞ «ጥሩ ነገር ጻፉልኝ» ማለት ሰውን ያስጨንቃል። እሱ የጠየቀው የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን፣ የኪራዩን መጠን፣ በሰዓቱ መክፈሉን ብቻ ነው። በአሥር ደቂቃ ጽፈው ሰጡት። ባይሰጡትም የ24 ወር የባንክ ክፍያ ማስረጃውን አትሞ ይዞ ነበር።

አንድ ክፉ ምክር ግን አሁንም ይዞራል፦ «የመጨረሻውን ወር አትክፈል፣ ማስያዣውን ይውሰዱት»። ይህን ያደረገ ሰው በመዝገቡ ላይ አንድ ያልተከፈለ ወር ጥሎ ይወጣል፤ ለአዲሱ አከራይ የሚነገረውም ያ ወር ነው። ማስያዣ የሚመለስበት ሌላ መንገድ አለ። በሜሪላንድ ተከራዩ ከመውጣቱ ቢያንስ 15 ቀን በፊት የሚወጣበትን ቀንና አዲስ አድራሻውን ጠቅሶ፣ ቤቱ ሲፈተሽ መገኘት እንደሚፈልግ በሰርቲፋይድ ሜል ይጽፋል። አከራዩ ገንዘቡን በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ የሚቀንሰው ካለም ዘርዝሮ ያሳውቃል። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል።

ወዳጄ ቤቱን ጠራርጎ፣ ግድግዳውን ፎቶ አንስቶ፣ ከጋሼ ጋር ክፍል በክፍል አብሮ ዞሮ ቁልፉን ሰጠ። ለአንድ የተሰበረ መጋረጃ 60 ዶላር ቀነሱበት። አልተከራከረም። አዲሱ አከራይ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሲደውልላቸው ስልኩን ያነሱት ራሳቸው ነበሩ።