ሰው ተሻገረ፣ «እሺ»ው ቀረ

«ቴሌግራም ተዘግቷል። የዋትስአፕ ሊንኩ ይኸው፣ ግቡ።» የካቲት 2015 ላይ ይህ ዓይነት መልእክት ያልደረሰው ሰው ካለ እድለኛ ነው። በዚያ ወር መጀመሪያ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አንከፈት አሉ፤ እገዳው የተነሳው ሐምሌ ላይ ነው። ዋትስአፕ ስላልተነካ ግማሹ አገር ወደዚያ ጎረፈ። ሊንኩን የላከው አድሚንም ሥራውን የጨረሰ መሰለው፤ «ግሩፑን አዛወርኩት» አለ።

አላዛወረውም። ያዛወረው ሰዎቹን ነው። የተባባሉት ነገር እንዳለ የድሮው ቤት ውስጥ ተቆልፎ ቀርቷል። እኔ የምከራከረው ይህንን ነው፦ ሰው ማሻገር ማንም በአንድ ሊንክ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ንግግሩን ሳይዝ ሰው የሚያሻግር አድሚን ግን ቤት የለወጠ ሳይሆን መዝገብ የጣለ ነው። የመተግበሪያዎቹ ባለቤቶች ደግሞ መዝገቡ እንዲጣል አድርገው ነው የሠሩት።

«ምን ንግግር አለ? ሰላምታና ስቲከር!» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ በገንዘብ እንነጋገር። አንበሳሜ አብረን ያደግን 24 ሰዎች ዕቁብ አለን። ግማሾቻችን እዚያው ደራ ውስጥ ነን፣ ሌሎቻችን ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ተበትነናል። በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር እንጥላለን፤ የደረሰው 48 ሺህ ይወስዳል። መስከረም 2014 ስንጀምር የ24ቱም ወር ዕጣ በአንዴ ወጣ። ሁላችንም አንድ ቦታ ስለማንሰበሰብ ዳኛው የሚወስነውም፣ የባንክ ደረሰኝ ፎቶውም፣ ክርክሩም ቴሌግራም ላይ ነበር። እገዳው ሲመጣ 17 ሰው ወስዷል፣ 7 ሰው ይጠብቃል። የሰባቱ ገንዘብ 336 ሺህ ብር ነው።

ከሰባቱ አንዷ ላይ እናተኩር። ዕጣዋ ጥር 2015 ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ሌላው አባል ስለቸገረው ተለዋወጡ፤ እሱ የእሷን ጥር ወሰደ፣ እሷ የእሱን ሰኔ ልትጠብቅ። ዳኛው ያጸደቀው በአንድ ቃል ነው፦ «እሺ»። የዚህች ሴት 48 ሺህ ብር የተንጠለጠለው በዚህች ሁለት ፊደል ላይ ነው። እንግዲህ ይህች «እሺ» ቤት ስትቀይር ምን ምን እንደሚደርስባት እንከተላት።

መጀመሪያ ከቴሌግራም መውጣት አለባት። በስልክ አይሆንም፤ የስልኩ ቴሌግራም ይህ ነገር የለውም። ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕ ተጭኖ፣ ግሩፑ ተከፍቶ፣ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች `Export chat history` ይመረጣል። የሚመጣው መስኮት ምን ይውጣ ብሎ ይጠይቃል፦ ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት፣ ቪዲዮ፣ ፋይል። ምልክት ያላደረጋችሁበት አይወጣም። የፋይል መጠን ገደብም አለ፤ ከዚያ የበለጠው ይዘለላል። ሳያዩ «ጨርሻለሁ» የሚሉት እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት፤ ጽሑፉ ይወጣል፣ «ከፍያለሁ» ያለው የድምፅ መልእክት ግን ባዶ ቦታ ይሆናል። እገዳው እያለ ደግሞ ይህ ሁሉ በቪፒኤን ነው፤ መልእክቱ ያለው ከቴሌግራም ሰርቨር ላይ እንጂ ከኮምፒውተራችሁ ውስጥ አይደለምና።

የዕቁባችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ በሁለቱም መልክ አወጣሁት፤ በአሳሽ የሚነበበውንም፣ `JSON` የሚባለውንም። «እሺ»ዋ ከነወንድሟ እንዲህ ወጣች (ስሞቹንና ቁጥሮቹን ቀይሬያለሁ)፦

```
{ "id": 409,
  "date": "2022-11-06T20:02:41",
  "from": "አባል 7", "from_id": "user1007",
  "text": "የጥር ዕጣዬን ለአባል 12 ሰጥቼ የሰኔውን ልውሰድ?" },
{ "id": 412,
  "date": "2022-11-06T20:14:09",
  "from": "ዳኛ", "from_id": "user1001",
  "reply_to_message_id": 409,
  "text": "እሺ" }
```

ሁለት መስመር ልብ በሉ። `reply_to_message_id` የሚለው «እሺ» የተባለው ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ይዟል፦ ለ409። በመካከል 410 እና 411 ሌላ ወሬ ነበሩ፤ ቁጥሩ ባይኖር «እሺ»ዋ የነሱ መልስ ትመስል ነበር። `from_id` ደግሞ የአካውንቱ መለያ ነው፤ ዳኛው ነገ ስሙን ቢቀይር እንኳ አይለወጥም። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጥቅምት 27፣ 2015 መሆኑን መመንዘር የእናንተ ሥራ ነው። እስካሁን ደህና ነን፤ «እሺ»ዋ በሰላም ወጥታለች።

አሁን ወደ ዋትስአፕ ትግባ። አትገባም! በር የለም። ዋትስአፕ ከሌላ መተግበሪያ የመጣ ንግግር ተቀብሎ በየቦታው የሚያስቀምጥበት መንገድ አልሠራም። ማድረግ የምትችሉት ፋይሉን እንደ ማንኛውም ዶክመንት አዲሱ ግሩፕ ላይ መላክ ነው። ያኔ አንድ የታሸገ ሳጥን ሆነ እንጂ ንግግር አልሆነም፤ አይፈለግም፣ መልስ አይሰጥበትም፣ በስልክ ለመክፈትም ያስቸግራል። «ኮፒ አድርጌ ልለጥፈው» ካላችሁ ደግሞ የዳኛው «እሺ» በእናንተ ስምና በዛሬ ቀን ይለጠፋል። ስክሪንሾትም ያው ነው፤ ከላይና ከታች የተቆረጠውን ማን ያውቃል?

በተቃራኒው አቅጣጫ ግን በር አለ። ጥር 2013 ላይ ዋትስአፕ የግላዊነት ደንቡን እቀይራለሁ ብሎ ዓለም ሲያኮርፍ፣ ቴሌግራም ከዋትስአፕ፣ ከላይንና ከካካኦቶክ የወጣ ንግግር ማስገባት የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። ዋትስአፕ ላይ `Export chat` ትሉና ከሚመጣው ዝርዝር ቴሌግራምን ትመርጣላችሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ማጨብጨቡ ይቆይ። የሰው ደንበኛ የሚያስገባ በር ከፈተ እንጂ የራሱን ደንበኛ ወደ ሌላ ቤት የሚያደርስ በር አልከፈተም። የሚያወጣላችሁ ለመደርደሪያ የሚሆን ቅጂ ነው። ሁሉም ነጋዴ በዚህ ይስማማል፦ ግቡ እንጂ ውጡ የለም።

የገባውስ እንዴት ገባ? ዋትስአፕ የሚያወጣው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከነፎቶና ድምፅ ከሆነ የቅርቡን 10,000 መልእክት፣ ጽሑፉ ብቻ ከሆነ 40,000 ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የቆየው አይወጣም። ስሙ ደግሞ አውጪው ሰው ስልኩ ላይ የመዘገበው ስም ነው። ዳኛውን «ጋሼ» ብዬ ከመዘገብኩት መዝገቡ ላይ ዳኛ የሚባል ሰው የለም፤ «ጋሼ» ነው ያለው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመልስ ማያያዣው መጥፋቱ ነው። የእኛ ንግግር ዋትስአፕ ላይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ይህ ብቻ ነበር፦

```
06/11/2022, 20:14 - ጋሼ: እሺ
```

ምኑን ነው እሺ ያለው? 409ኝን? 411ን? ፋይሉ አይናገርም። ይህ ቴሌግራም ውስጥ ሲገባ ደግሞ በገባበት ቀን ይሰለፋል፤ የድሮው ቀን አጠገቡ ይጻፍና ከውጭ የመጣ ስለመሆኑ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ተገቢ ነው፦ የጽሑፍ ፋይል ማንም ከመላኩ በፊት ከፍቶ «እሺ»ን «እምቢ» ሊያደርገው ይችላል።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች የሚይዙት ይህንን ነው፤ «በር ብንከፍት ሐሰተኛ መልእክት ይገባል» ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መልሱ ግን በሩን መዝጋት አይደለም። ምልክት ማድረግ ይቻላል፣ ተደርጓልም። የወጣው ፋይል እንዳልተነካካ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማም ማኖር ይቻላል፤ ሶፍትዌር ሲወርድ በየቀኑ የሚሠራበት ነገር ነው። «ምስጢሩ የተቆለፈ ነው» የሚለውም አያስኬድም፤ ስልኬ ላይ እያነበብኩት እኮ ነው፣ ቁልፉ በእጄ ነው። የቀረው ምክንያት አንድ ነው፦ የድሮ ንግግር የደንበኛ እግር ብረት ነው። አውሮፓ እንኳን በ2010 ሥራ ላይ ባዋለችው የዳታ ሕግ አንቀጽ 20 ዳታዬ በቀጥታ ወደ ሌላ ድርጅት ይተላለፍልኝ የማለት መብት ስትሰጥ «በቴክኒክ የሚቻል ሲሆን» የምትል ሐረግ አስገባች። የሚቻል እንዳይሆን የሚወስነው ደግሞ ያው ኩባንያው ነው።

«ለምን ትጨነቃለህ፣ ቴሌግራም ክላውድ ላይ ነው፣ አይጠፋም» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ምን ሆነ? ቴሌግራም በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ ለወራትም ቆየ። ያኔ ቪፒኤንም አያድንም። ዋትስአፕ የድሮውን መልእክት ስልኩ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ ባይኖርም ይነበባል። ቴሌግራም የሚያሳያችሁ ቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደውን ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ስትሄዱ ክቡ ይሽከረከራል። አንበሳሜ ላለ ሰው «አይጠፋም» ማለት «አዲስ አበባ ላለው አይጠፋም» ማለት ነበር። በዚያ ላይ ቴሌግራም ከ2011 ጀምሮ የሁለት ሰው ንግግርን አንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል። ዳኛውና እሷ ብቻቸውን ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ ማስረጃዋ በዳኛው አውራ ጣት ሥር ነበር።

ሰኔ ሲደርስ እሷ 48 ሺዋን ወስዳለች። የወሰደችው ቴሌግራም ስላስታወሰላት አይደለም፤ ያኔ ገና ዝግ ነበር። ፋይሉ እኔ ጋር፣ ዳኛው ጋርና አንበሳሜ ያለ አንድ አባል ፍላሽ ላይ ስለነበረ፣ 409 እና 412 ደግሞ በዕቁቡ ደብተር በቀለም ስለተጻፉ ነው።

ስለዚህ አድሚን ሆይ፣ «ሊንኩ ይኸው» ከማለትህ በፊት ይህን አድርግ። ቀይር የሚል ሐሳብ በመጣበት ቀን፣ በሩ ክፍት እያለ፣ ኮምፒውተር ፈልግ። ድምፁም ፎቶውም ላይ ምልክት አድርግ፣ የመጠን ገደቡን ከፍ አድርግ፣ በሁለቱም መልክ አውጣ። ከዚያ አንድ የድሮ የድምፅ መልእክትና አንድ መልስ የተሰጠበት መልእክት ከፍተህ ፈትሽ፤ ድምፁ ከተሰማና መልሱ ጥያቄውን ከጠቆመ ደህና ነው። ለሦስት ሰው ስጥ፤ አንዱ ዳታ በሚጠፋበት ቦታ ያለ ይሁን። ገንዘብ የነካውን ውሳኔ ወረቀት ላይ ገልብጥና አስፈርም። ሊንኩን የምትልከው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ያላደረገ አድሚን ያለበት ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ሊንኩን አትንኩ፤ «መዝገቡስ?» በሉት።