እንቁላሉን ለምን ሰበርነው?

የአባቶችን ምሳሌ የበዛበት መልእክት ለወጣት ስናቀርብ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አውጥተን «ወጣቶች ሆይ፣ ታገሡ» እንላለን። ይህ ማቅለል አይደለም፤ ሥዕሉን ጥሎ ትእዛዙን ማስቀረት ነው። ትርጉሙም ይጎድላል፤ ምሳሌው እጅን አጣጥፎ መጠበቅን አይልምና። ካራቆሬ ውስጥ በጓሮው እንቁላል ያስታቀፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ታቅፋ ታሞቃለች፣ እንቁላሉን ታገላብጣለች። ትታው ከቀዘቀዘ ጫጩቱ ይሞታል።

እንግዲህ ይህንኑ እንተርከው። መልእክቱ አምስት ምሳሌ ደርድሮ ከሆነ አንዱን ብቻ እንምረጥ፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን ሰብሮ በእግሩ ሲቆም ትረካውን እናቁም። ከዚያ አንባቢውን እንጠይቀው። «ታገሡ ማለት ነው» ካለን፣ ዛሬም የሰጠነው ምክር ብቻ ነው። «እኔንስ ማን አቀፈኝ?» ካለ ግን ምሳሌው ደርሶታል።