«ይህ ውል በካሊፎርኒያ ሕግ ይገዛል»፦ የተፈረመ ሁሉ አይጸናም

የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የሠራ ሰው ውሉ በድንገት ሲቋረጥበት መጀመሪያ የሚያየው የመጨረሻውን ገጽ ነው። እዚያ «ይህ ውል በእገሌ አገር ሕግ ይገዛል» የሚል አንቀጽ ካገኘ ብዙውን ጊዜ ተስፋ ይቆርጣል። «ፈርሜያለሁ፤ በቃ» ይላል። ይህን የሚሉ ጠበቆችም አሉ። እኔ ግን ቸኩለዋል ባይ ነኝ።

መነሻው ትክክል ነው። ተዋዋዮች ውላቸው የሚገዛበትን ሕግ የመምረጥ ነጻነት አላቸው። በአውሮፓ ኅብረት «ሮም 1» የሚባለው ደንብ ይህን በአንቀጽ 3 በግልጽ ይፈቅዳል፤ የተመረጠው ሕግ ከውሉ ጋር ግንኙነት ያለው መሆን እንኳ የለበትም። የቱርክ ሻጭና የኬንያ ገዢ የእንግሊዝን ሕግ ቢመርጡ የሚከለክላቸው የለም። ነገር ግን ይህን ነጻነት የሚሰጠው ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ አገር ሕግ ነው። የሰጠው ሕግ ደግሞ ድንበሩንም ያበጃል።

ድንበሩን በደንብ የሚያሳየው የኢንግማር ጉዳይ ነው። ኢንግማር የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1989 ኢተን ሊዮናርድ ለተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በእንግሊዝ የንግድ ወኪል ሆነ። ውሉ በካሊፎርኒያ ሕግ እንዲገዛ ተስማሙ። በ1996 ውሉ ተቋረጠ። ወኪሉ ያልተከፈለኝ ኮሚሽን አለ፣ ካሳም ይገባኛል ብሎ እንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ካሳው ምንድን ነው? ወኪል ዓመታት ደክሞ ደንበኛ ያፈራል። ውሉ ሲቋረጥ ደንበኞቹ ለወካዩ ይቀራሉ፤ ወኪሉ ባዶ እጁን ይሄዳል። በ1986 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ለዚህ ክፍያ እንዲኖር አዘዘ፤ ውሉ ከማለቁ በፊት ወኪሉን በሚጎዳ መንገድ መብቱን መተው እንደማይቻልም ደነገገ። የካሊፎርኒያ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ካሳ አይሰጥም ነበር።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የተመረጠው ሕግ የካሊፎርኒያ ነውና ካሳ የለም አለ። ይግባኝ ሰሚው ጥያቄውን ሉክዘምበርግ ወዳለው የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት መራው። ያ ፍርድ ቤት ኅዳር 2000 ላይ፣ ወኪሉ ሥራውን የሠራው በኅብረቱ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ካሳው ይከፈለዋል፤ የሕግ ምርጫው አያስቀረውም ሲል ወሰነ።

በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ለወኪሉ ማዘን አይደለም። ኢንግማር ራሱ ኩባንያ ነበር፤ ያነበበውን ፈርሟል። ቁም ነገሩ ውድድሩ ነው። የካሊፎርኒያው ኩባንያ በአንዲት ሐረግ ከካሳ ቢያመልጥ፣ እዚያው ገበያ ላይ ካሳ እየከፈለ የሚሠራው የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ተፎካካሪው ይበለጣል።

ሆኖም ማንኛውም አስገዳጅ ድንጋጌ እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ተዋዋዮች በአገር ውስጥ ውል ሊለውጧቸው የማይችሉ ብዙ ድንጋጌዎች አሉ፤ ባዕድ ሕግ ሲመረጥ ግን አብዛኞቹ ገለል ይላሉ። የሚተርፉት አንድ አገር የፖለቲካ፣ የማኅበራዊ ወይም የኢኮኖሚ ሥርዓቱን ለመጠበቅ እጅግ ያስፈልጉኛል የሚላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። በ2013 የታየው የኡናማር ጉዳይ ይህን ያስታውሳል። የቤልጅየም ወኪል ከቡልጋሪያ ኩባንያ ጋር በቡልጋሪያ ሕግ ተዋውሎ ነበር፤ ሁለቱም አገሮች መመሪያውን ተቀብለዋል። የቤልጅየም ሕግ ከዚያ የተሻለ ጥበቃ ስለሰጠ ብቻ የቡልጋሪያውን መግፋት አይበቃም፤ ዳኛው የአገሩ ሕግ አውጪ ድንጋጌውን በእርግጥ እንዲህ ያህል ወሳኝ አድርጎ እንደያዘው በዝርዝር መርምሮ ማግኘት አለበት ተባለ።

ከሕግ ምርጫው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከጎኑ የሚቀመጠው አንቀጽ ነው፤ «ክርክር የሚታየው በእገሌ ፍርድ ቤት ነው» የሚለው። ኢንግማር የረታው እንግሊዝ ውስጥ መክሰስ ስለቻለ ነው። ካሊፎርኒያ ሄዶ ቢሆን የዚያ ዳኛ የአውሮፓን መመሪያ የማስፈጸም ግዴታ አልነበረበትም። ኩባንያዎች ይህን ያውቃሉ፤ ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ የሚጽፉትም ለዚህ ነው። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በ2012 የቨርጂኒያ ሕግና የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የተመረጡበት የወኪል ውል ቀርቦለት፣ ጥምረቱ ካሳውን የሚያስቀር ከሆነ የፍርድ ቤት ምርጫውም አይጸናም የሚለውን አቋም ደግፏል። ሁሉም አገር ግን እንዲህ አይደፍርም።

አዲስ አበባ ላይ የውጭ አምራች ወኪል ሆኖ የሚሠራ አንባቢ ይህን ሁሉ በቀጥታ ወደ ራሱ እንዳይወስደው። የአውሮፓው መመሪያ አውሮፓ ውስጥ ለሚሠራ ወኪል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ሕጎች ግጭት ምዕራፍ የለውም፤ ስለዚህ ዳኛው የትኛው ድንጋጌያችን ከተመረጠው ባዕድ ሕግ በላይ እንደሚቆም የሚነግረው ጽሑፍ በዚያ አያገኝም። እንዲህ ባለበት ሁኔታ ለወኪሉ የሚቀረው ከመፈረሙ በፊት መደራደር ነው፦ ውሉ ሲቋረጥ የሚከፈለውን ካሳ በቁጥር ውሉ ውስጥ ማስገባት፣ ክርክሩም ሊደርስበት በሚችል ቦታ እንዲታይ መጠየቅ።